የሐረር ጣፋጮች፦ ማር፣ ቡናማ ስኳርና ተምር ከነጭ ስኳር ጋር ሲመዘኑ

ሐረር ላይ ጣፋጭ ነገር ከብዙ አቅጣጫ ይገባል። ስኳሩ ከሱቅ ይገዛል፤ ማሩ ከገጠር በባልዲና በጀሪካን ይመጣል፤ ሸንኮራ አገዳው በር በር ላይ ተደርድሮ በቁራጭ ይሸጣል፤ ተምሩ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በተለይ በረመዳን ይገንናል። ጀጎል ግንብ ውስጥም ሆነ ከግንቡ ውጭ ባለው አዲሱ ከተማ ሻይ ጣፍጦ ይጠጣል። ሐልዋና ሙሸበክ የበዓልና የእንግዳ ክብር ናቸው። የቡና ገለፈት በወተት የሚፈላበት ሆጃም በየቤቱ ልማድ በጨው ወይም በስኳር ይቀርባል። እንዲህ ባለ ከተማ የስኳር ሕመም ምርመራ ውጤት ይዞ ከሆስፒታል የሚመለስ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ስኳሩን ተው፣ በማር ተካው። ቡናማ ስኳርና ተምርም በዚሁ መንፈስ ይመከራሉ። ምክሩ ምን ያህል እውነት እንዳለው ለማወቅ እያንዳንዱ ጣፋጭ ከምን እንደተሠራና ከተዋጠ በኋላ ምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በመኪና የሚጓዝ ሰው የነጩን ስኳር መነሻ በዓይኑ ያየዋል። መንገዱ በመተሐራ የአገዳ እርሻ አጠገብ ያልፋል። ከዚያ በፊት፣ ከአዳማ ደቡብ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው ስኳር ፋብሪካ ወንጂ አለ፤ ማምረት የጀመረው በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በፋብሪካው አገዳው ይጨመቃል፣ ጭማቂው በኖራና በድኝ ጭስ ተጣርቶ ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ ከዚያ ውሃው እየተነነ እስኪወፍርና እህል እስኪያወጣ ድረስ ይፈላል። ቀጥሎ በፍጥነት የሚሽከረከር ማሽን የስኳሩን እህል ከዝልግልጉ ጥቁር ፈሳሽ ይለየዋል። ጥቁሩ ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል፤ አልኮል ይወጣበታል፣ ለከብት መኖም ይውላል። የቀረው እህል ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በላይ ሱክሮስ የተባለ አንድ ነጠላ ነገር ነው። ስለዚህ ነጭ ስኳር ላይ «መርዝ ተጨምሮበታል» የሚባለው አባባል ሥራውን በቅጡ አይገልጸውም። ሥራው በዋናነት መቀነስ ነው፤ አገዳው ከያዘው ውሃ፣ አሰርና ማዕድን ጣፋጩ ብቻ ተነጥሎ ይወጣል።

ቡናማ ስኳር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንዱ ሞላሰሱ ሙሉ በሙሉ ሳይታጠብ የቀረበት ነው። ሌላውና በታሸገ መልክ በብዛት የሚሸጠው ግን ነጭ ሆኖ ካለቀ በኋላ ሞላሰስ ተመልሶ የተቀባው ነው። በሁለቱም መንገድ ሞላሰሱ ከጠቅላላው ክብደት ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ፈዛዛው ላይ ከመቶ ሦስት ተኩል ገደማ፣ ጠቆር ያለው ላይ ስድስት ተኩል ገደማ። ቀለሙ፣ እርጥበቱና የተቃጠለ ስኳር የሚመስለው መዓዛው ከዚህ ይመጣል። ማዕድኑም ከዚሁ ይመጣል፣ ግን መጠኑን ማየት ያሻል። መቶ ግራም ቡናማ ስኳር ሰባት አሥረኛ ሚሊግራም ያህል የብረት ማዕድን አለው። በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን የሚመከርላት 18 ሚሊግራም ነው። ያንን ከቡናማ ስኳር ለማግኘት በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል መብላት ይኖርባታል። ጤፍ በዚያው መቶ ግራም አሥር እጥፍ የሚሆን ብረት ስላለው አንድ እንጀራ የሚሰጠውን የቡናማ ስኳር ማንኪያ ሊደርስበት አይችልም። በጉልበት በኩልም መቶ ግራም ነጭ ስኳር 387 ካሎሪ፣ ቡናማው 380 ካሎሪ ይሰጣል። የደም ስኳርን የማሳደግ አቅማቸው አንድ ነው። ለኬክ ወይም ለሾርባ የሚሰጠውን ጣዕም የሚወድ ሰው ቡናማውን ለጣዕሙ ሊገዛው ይችላል፤ ለጤና ብሎ በውድ ዋጋ መግዛት ግን ምክንያት የለውም።

ማር የተለየ ታሪክ አለው። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ በአብዛኛው ውሃና ሱክሮስ ነው፤ ያው አገዳው ውስጥ ያለው ሱክሮስ። ሱክሮስ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የተባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች እጅ ለእጅ የተያያዙበት ነው። ንብ ከምራቋ በምታወጣው ኢንዛይም ሁለቱን ታላቅቃቸዋለች፣ ከዚያ በክንፏ እያራገበች ውሃውን ታተነዋለች። የበሰለ ማር ከመቶ አሥራ ሰባት ያህል ውሃ፣ ሠላሳ ስምንት ያህል ፍሩክቶስ፣ ሠላሳ አንድ ያህል ግሉኮስ ነው፤ የቀረው ሌሎች ስኳሮች፣ ጥቂት አሲድ፣ የአበባ ዱቄትና ቀለም የሚሰጡ ውህዶች ናቸው።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ነጭ ስኳር ሲበላ ንብ የሠራችውን ሥራ የሰው ትንሹ አንጀት ይሠራዋል፤ ሱክሮሱን በራሱ ኢንዛይም ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይፈታዋል። ማር ሲበላ ያ ሥራ ቀድሞ ተጠናቅቋል። ደም ውስጥ የሚገባው በሁለቱም በኩል ያው ግሉኮስና ያው ፍሩክቶስ ነው፤ ግሉኮሱ ኢንሱሊን ይጠራል፣ ፍሩክቶሱ በአብዛኛው ወደ ጉበት ይሄዳል፣ ሲበዛም ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ደሙ ስኳሩ ከወንጂ ይምጣ ከቀፎ አያውቅም። በማርና በስኳር መካከል ያለው የደም ስኳር ልዩነት የሚመነጨው ማር ፍሩክቶሱ በመጠኑ ስለሚበልጥና ውሃ ስላለው ብቻ ነው። የምግቦችን የደም ስኳር አወጣጥ በሚለካው መስፈርት ንጹሕ ግሉኮስ 100 ሲሰጠው ነጭ ስኳር 65 አካባቢ ይሆናል፤ ማር በአማካይ 60 አካባቢ ነው፣ ሆኖም እንደ አበባው ከሠላሳዎቹ እስከ ሰማንያዎቹ ይዋዥቃል። ስለዚህ አንዱ ማሰሮ ከስኳር የዘገየ፣ ሌላው ከስኳር የፈጠነ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ደግሞ በመቅመስ አይለየውም።

ሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። በ2015 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት 55 ሰዎች በየተራ ለሁለት ሁለት ሳምንት በቀን እኩል መጠን ያለው ማር፣ ስኳርና የበቆሎ ሽሮፕ እንዲወስዱ አድርጎ በደም ስኳር፣ በኢንሱሊንና በክብደት ልዩነት አላገኘም፤ በሦስቱም የደም ቅባት ጨመረ። በ2009 ኢራን ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለስምንት ሳምንት ማር በወሰዱበት ሙከራ ክብደታቸው ቢቀንስም የሦስት ወሩን የደም ስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ውጤት ከፍ አለ። በሌላ በኩል የቶሮንቶ ተመራማሪዎች በ2022 አሥራ ስምንት ሙከራዎችን አንድ ላይ መርምረው ማር፣ በተለይ ያልሞቀና ከአንድ ዓይነት አበባ የተገኘ፣ በጾም የደም ስኳርና በኮሌስትሮል ላይ መጠነኛ ማሻሻያ እንዳሳየ ዘገቡ። የማስረጃውን ጥንካሬ ግን ራሳቸው በአብዛኛው ዝቅተኛ ብለውታል፣ የገቡት ሰዎችም አመጋገባቸው ቀድሞውኑ የተመጠነ ነበር። ከእነዚህ በአንድ ላይ የሚወጣው ማር ስኳርን በሚተካበት ቦታ ትንሽ ሊሻል እንደሚችል፣ በነበረው ላይ ሲጨመር ግን ተጨማሪ ስኳር እንደሆነ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ከነጭ ስኳር ጋር በአንድ መደብ ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው። መደቡ «ልቅ ስኳር» ሊባል ይችላል፤ ከፍሬው ወይም ከተክሉ ሥጋ ተለይቶ የወጣ ስኳር ማለት ነው። መመሪያው ልቅ ስኳር ከቀን ጉልበት ከመቶ አሥር እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከመቶ አምስት በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው የመጀመሪያው ወሰን 50 ግራም፣ ማለትም አሥራ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው፤ ሁለተኛው ስድስት ማንኪያ።

አሥራ ሁለት ማንኪያ ብዙ ይመስላል። ሐረር ላይ የአንድ ከሰዓት በርጫ ግን ይሞላዋል። ጫት መራራ ነው፣ አፍ ያደርቃል፤ ስለዚህ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ከጎኑ አይጠፋም። አንድ ሰው በተቀመጠበት አራት ብርጭቆ ሻይ ቢጠጣ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር ቢገባ፣ አንዱ ማንኪያ አራት ግራም ስለሆነ 48 ግራም ይሆናል። በመሐል አንድ የ300 ሚሊሊትር ኮላ ቢከፈት 32 ግራም ያህል ይጨመራል። ድምሩ 80 ግራም ነው፤ ይህም ቁርስ፣ ራትና የማታው ሻይ ሳይቆጠሩ።

አሁን ይኸው ሰው ምክሩን ሰምቶ የሻዩን ስኳር በማር ይተካ። ማንኪያ በማንኪያ ከተካው ይከስራል። ማር ከስኳር ይከብዳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ሰባት ግራም ይመዝናል፤ ውሃው ሲቀነስ እንኳን ስድስት ግራም ሊሞላ ምንም ያልቀረው ስኳር ይዟል። አሥራ ሁለት ማንኪያ ማር ወደ 69 ግራም ስኳር ነው፣ ከበፊቱ 48 በሃያ አንድ ግራም ይበልጣል። በሚዛን ከተካው፣ 48 ግራም ማር ለ48 ግራም ስኳር፣ ጣፋጭነቱ ተቀራራቢ ሆኖ ስኳሩ ወደ 39 ግራም ይወርዳል። ትርፉ ዘጠኝ ግራም፣ ሁለት ማንኪያ ገደማ ነው። ኮላውን በውሃ ቢተካው ግን በአንድ ጊዜ 32 ግራም ያተርፋል፤ በየብርጭቆው አንድ ማንኪያ ስኳር ቢቀንስም 16 ግራም። ማር ይሻላል አይሻልም የሚለው ክርክር የሚያተርፈው ዘጠኝ ግራም ሲሆን ማንኪያውን መቁጠርና ኮላውን መተው አንድ ላይ የሚያተርፉት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው።

በፈላ ሻይ ውስጥ ማር መጨመር ሌላም ኪሳራ አለው። ማር ጀርም እንዲቋቋም የሚያደርገው አንዱ ኢንዛይም ማሩ በውሃ ሲቀጥን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያመነጨው ነው፤ ይህ ኢንዛይም ሙቀት አይችልም። የፈላ ውሃ የማሩን ልዩ ነገር ያጠፋና ስኳሩን እንዳለ ይተወዋል።

የብርዝ ጉዳይ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ብርዝ አልኮል ስለሌለው በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት በሠርግና በበዓል ይቀርባል፣ ለልጆችም ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ከለስላሳ ይልቅ ጤናማ አድርጎ ያየዋል። አንድ እጅ ማር በአምስት እጅ ውሃ ከተበጠበጠ 250 ግራም የሚይዝ ብርጭቆ 42 ግራም ያህል ማር አለው፣ ይህም 34 ግራም ስኳር ነው። ከኮላው ጠርሙስ ጋር እኩል ማለት ነው። ጠጅ ላይ ሒሳቡ ይለወጣል፤ እርሾው አብዛኛውን ስኳር በልቶ ወደ አልኮል ስለሚለውጠው የሚቀረው ጥያቄ የስኳር ሳይሆን የመጠጥ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማሩ ማር እንደሆነ አድርጎ ነው። ገበያ ላይ ይህ ሁልጊዜ አይደለም። ማር ከስኳር ብዙ እጥፍ ስለሚወደድ ስኳር ተበጥብጦ፣ ፈልቶ ወይም ለንቦቹ ተመግቦ ማር ውስጥ መግባቱ በኢትዮጵያ የቆየ ችግር ነው። ስኳርን ለመሸሽ በውድ የተገዛው ማሰሮ ስኳር ሆኖ ይገኛል ማለት ነው፤ የገዢውን እምነትና ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚበላ ነገር ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረጉት መፈተኛዎች ብዙም አይረዱም። ማሩን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አድርጎ ሳይበተን መስጠሙን ማየት፣ አውራ ጣት ላይ አንጠባጥቦ መፍሰስ አለመፍሰሱን ማየት፣ ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ ሁሉም የሚለኩት የማሩን ውፍረትና እርጥበት ነው። ወፍሮ የፈላ የስኳር ሽሮፕ ሦስቱንም ያልፋል፣ በእርጥብ ወቅት የተቆረጠ ንጹሕ ማር ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። መርጋትም የማጭበርበር ምልክት አይደለም። ግሉኮስ ከፍሩክቶስ ይልቅ በቀላሉ እህል ስለሚያወጣ ግሉኮሱ የበዛ ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ ማሰሮውን እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ በማቆየት ይመለሳል። መፍራት የሚገባው አረፋ ሲያወጣ፣ ሲኮመጥጥና ክዳኑን ሲገፋ ነው፤ ውሃው በዝቶ እርሾ ገብቶበታል።

ቁርጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ የማር ውሃ ከመቶ ሃያ እንዳይበልጥ፣ ሱክሮሱ በአብዛኛው ከመቶ አምስት እንዳያልፍ፣ ግሉኮሱና ፍሩክቶሱ ተደምረው ከስድሳ እንዳያንሱ ያዝዛል። ንብ ሱክሮሱን ስለምትፈታው ሱክሮስ የበዛበት ማር ወይ ሳይበስል ተቆርጧል ወይ ስኳር ገብቶበታል። ስኳሩ ቀድሞ በአሲድ ከተፈታ ይህ ምርመራ ይታለላል፤ ያኔ የካርቦን ምርመራ ይመጣል። አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚይዙበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው አብዛኞቹ ዕፅዋት የተለየ ስለሆነ የአገዳ ስኳር በማር ውስጥ የራሱን አሻራ ትቶ ይገኛል። ይህ ሁሉ ለማይደርሰው ገዢ የሚቀረው አማራጭ ማሩን ከነሰፈፉ መግዛት ወይም ከሚታወቅ አናቢ መውሰድ ነው። ሰፈፍ ማጭበርበርን ያከብዳል እንጂ ፈጽሞ አይከለክልም፣ ምክንያቱም ስኳር የተመገበ ንብም ሰፈፍ ይሞላል።

ማር ስኳር ነው ማለት ግን ማር ሌላ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በቁርአን ከምዕራፎቹ አሥራ ስድስተኛው በንብ ስም የተጠራ ሲሆን ከንብ ሆድ የሚወጣው መጠጥ ለሰዎች ፈውስ እንዳለበት ይናገራል፤ ማር ከጥቁር አዝሙድ ወይም ከነጭ ሽንኩርት ጋር መውሰድም በሁሉም ቤት የቆየ ነው። ሕክምናም ማርን በሁለት ቦታ ተቀብሎታል። የመጀመሪያው የልጆች ሳል ነው። በ2018 የወጣው የኮክሬን የማስረጃ ግምገማ ማር ምንም ካለመስጠት የተሻለ ሳልን እንደሚያስታግስና ከተለመደው የሳል ሽሮፕ ጋር ግልጽ ልዩነት እንደሌለው አሳይቷል። አንድ የሻይ ማንኪያ ከመኝታ በፊት ለዚህ ይበቃል፤ ይህ መጠን ለስኳር የሚያሰጋ አይደለም። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ለቲቢ መመርመር እንጂ ማር መጨመር አይገባም። ሁለተኛው ቁስልና ቃጠሎ ነው። ማር ውሃን ይስባል፣ ጀርም እንዳያድግ ያደርጋል፤ ሆኖም ሐኪም የሚጠቀምበት ማር በጨረር የጸዳ ነው። የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ላይ የወጣ ቁስል ላይ የገበያ ማር ቀብቶ ቢቆይ የሚያጣው ጊዜ እግሩን ሊያስከፍለው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቁስል ሲታይ በዚያው ቀን ወደ ጀጎል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል መሄድ አለበት።

አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ እንደ ዘር ተኝቶ ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት አያስበቅለውም፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ ዘሩ በውስጡ በቅሎ መርዝ ያመነጫል። ምልክቱ በሆድ ድርቀት ይጀምራል፣ ከዚያ ሕፃኑ ጡት መሳብ ይደክመዋል፣ ለቅሶው ይሰላል፣ አንገቱ ይልፈሰፈሳል፣ በመጨረሻም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ማሩን ማፍላትም አያድንም፤ ዘሩ የቤት እሳት ሙቀትን ይቋቋማል። ስለዚህ አራስ ልጅን ማር ማስላስ፣ ጡጦ ጫፍ ላይ ማር መቀባት ወይም ማር በጥጥ ማጥባት ፍቅር ቢሆንም መተው ያለበት ልማድ ነው። ሙስሊም ቤተሰቦች ለተወለደ ልጅ የሚያደርጉት ተሕኒክ በሥረ መሠረቱ በተምር የሚፈጸም ስለሆነ ማሩን መተዉ ልማዱን አያፈርሰውም።

ተምርና ሸንኮራ አገዳ ከማርና ከስኳር የሚለዩት ስኳራቸው የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ስኳራቸው ገና ከሥጋቸው ስላልተለየ ነው። ደረቅ ተምር ከክብደቱ ከመቶ ስድሳ በላይ ስኳር ነው፤ ነገር ግን መቶ ግራሙ ስምንት ግራም ያህል አሰርና ጥሩ ፖታሲየም ይዟል፣ ይታኘካል፣ ያጠግባልም። አገዳም እንዲሁ ነው። ጥርስ እየቀረፈ፣ መንጋጋ እያደከመ የሚበላ ነገር ስለሆነ አንድ ሰው አንድ ጉማጅ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ ራሱ ልክ ያበጅለታል። አገዳው በማሽን ተጨምቆ በብርጭቆ ሲቀርብ ይህ ልክ ይጠፋል፤ አንድ ብርጭቆ የአገዳ ጭማቂ ሠላሳ ግራም ያህል ስኳር በአንድ ትንፋሽ ያወርዳል። ጁስ ቤቶች የሚሸጡት ማንጎና ስፕሪስም፣ በላዩ ስኳር ሲበተንበት ደግሞ የባሰ፣ በዚሁ በኩል ይመደባል።

ረመዳን ይህን ሁሉ በአንድ ማዕድ ላይ ያመጣዋል። ጾም በተምርና በውሃ መፍታት ለስኳር ሕመምተኛም የሚቻል ነው፣ ቁጥሩ ከታወቀ። አንድ ትንሽ ተምር አምስት ግራም ያህል፣ ትልቁ መድጁል የሚባለው ዓይነት ደግሞ አሥራ ስድስት ግራም ያህል ስኳር አለው። ስለዚህ ሦስት ትናንሽ ተምርና አንድ ትልቅ ተምር ለደሙ እኩል ናቸው። የሚያበላሸው ከተምሩ ቀጥሎ ሙሸበክ፣ ሐልዋ፣ የተጣፈጠ ጭማቂና ሻይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲደራረቡ ነው። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ ክኒን የሚወስድ ሰው ቀን ላይ ላብ ላብ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ግራ ከገባው ደሙን መለካት አለበት፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከወረደ ጾሙ መፈታት ይኖርበታል። ያን ጊዜ አሥራ አምስት ግራም ፈጣን ስኳር ያስፈልጋል፦ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር። ከሩብ ሰዓት በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም አፉ ውስጥ አይፈስም፤ ወደ ሳንባው ይገባልና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የወረደ የደም ስኳርን ለማንሳት ማርና ስኳር እኩል የሚያገለግሉ መሆናቸው፣ ማር «የደም ስኳር አያነሳም» የሚለውን እምነት በቀላሉ ያፈርሰዋል።

በትልልቅ ከተሞች ሱፐርማርኬት የሚታዩት ሌሎቹ ጣፋጮች አጭር ቃል ይበቃቸዋል። የኮኮናት ስኳር በአብዛኛው ሱክሮስ ነው። አጋቬ ሽሮፕ የደም ስኳርን ቀስ ብሎ የሚያነሳው አብዛኛው ፍሩክቶስ ስለሆነ ነው፤ ጫናው ከደም ወደ ጉበት ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ስቴቪያ ከቅጠል የሚወጣ ጣፋጭ ሲሆን ስኳር አይደለም፣ ካሎሪም የለውም፣ የደም ስኳርንም አያነሳም። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ስቴቪያን ጨምሮ ስኳር አልባ ጣፋጮችን ክብደት ለመቀነስ ብሎ መጠቀምን አልመከረም፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ለነሱ ስቴቪያ፣ ንጹሕ እስከሆነና በስኳር ዱቄት እስካልተደባለቀ ድረስ፣ በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ሁሉ በእውነት ከስኳር የተለየው ነው። የታሸገውን ጀርባ ማንበብ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጥርስ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከናካቴው ይጠፋል። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ሱክሮስን፣ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን ሁሉንም ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ማር ደግሞ ይጣበቃል፣ ራሱም አሲዳማ ነው። ምራቅ አሲዱን ያጥባል፣ ጫት ግን አፍ ያደርቃል። ለዚህ ነው በርጫ ላይ ለሰዓታት በትንሽ በትንሹ የሚጠጣ ጣፋጭ ሻይ፣ በማርም ሆነ በስኳር የጣፈጠ፣ ያው መጠን በአንድ ጊዜ ከምግብ ጋር ከተጠጣ ይልቅ ጥርስን የሚጎዳው። በመሐሉ ውሃ መጉመጥመጥና መጨረሻ ላይ ያለውን ብርጭቆ ያለ ስኳር መጠጣት ጉዳቱን ይቀንሰዋል።